ከስክሪን ቆርጦ ማንሳት ወይስ አንስቶ መቁረጥ? ስለ ስክሪንሾት ጥራት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈት፣ የኮፒና የፕሪንት ሥራ ነው የምሠራው። ከማራኪና ከቴዎድሮስ ግቢ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው የሚመጡ ተማሪዎች አሉ። የቴሌብር ደረሰኝ ወይም የፈተና ውጤት የሚያሳትሙም አሉ። ፍላሽ ይዞ የሚመጣ ሰው እየቀነሰ ነው። አብዛኛው በቴሌግራም ይልክና "ይቺን አትምልኝ" ይላል። ከሚላከው ብዙው ስክሪንሾት ነው፤ ከደንበኛ ጋር የሚያከራክረንም "ስልኬ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ወረቀቱ ላይ ለምን ደበዘዘ?" የሚለው ነው። ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከነመልሱ ጽፌዋለሁ።

የምፈልገውን ክፍል ብቻ መርጬ ባነሳና ሙሉውን ስክሪን አንስቼ በኋላ ብቆርጥ፣ የትኛው ይጠራል?

እኩል ናቸው። ብዙ ሰው ይሄን ስነግረው አያምነኝም።

ስክሪን ከጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። እያንዳንዷ ነጥብ ፒክስል ትባላለች። የተለመደ ላፕቶፕ በአግድም 1920፣ በቁም 1080 ፒክስል አለው። ስክሪንሾት ማለት ኮምፒውተሩ የእነዚህን ነጥቦች ቀለም አንድ በአንድ ገልብጦ ማስቀመጡ ነው። እንደ ካሜራ ሌንስ የለውም፣ ወደ ዕቃው "መቅረብ" የሚባል ነገርም የለም።

እንግዲህ ስክሪኑ ላይ 800 በ400 ፒክስል የሚሆን ሠንጠረዥ አለ እንበል። እሱን ብቻ መርጣችሁ ብታነሱ 800 በ400 የሆነ ምስል ታገኛላችሁ። ሙሉውን 1920 በ1080 አንስታችሁ ሠንጠረዡን ብትቆርጡም የምታገኙት ያው 800 በ400 ነው። ነጥቦቹም እነዚያው ናቸው። ክፍሉን ብቻ ስለመረጣችሁ ኮምፒውተሩ ተጨማሪ ነጥብ አይፈጥርም። ሙሉውን ስላነሳችሁም ከሠንጠረዡ ላይ የሚቀንሰው ነገር የለም።

ይህ የሚሠራው ግን በማንሳትና በመቁረጥ መሃል ሌላ ነገር ካልገባ ነው። ችግሩ ያለው እዚያ ነው።

ታዲያ ሙሉውን ልኬልህ አንተ ስትቆርጠው ለምን ደበዘዘ?

መሃል ላይ ቴሌግራም ስለገባ ነው።

ቴሌግራም ላይ ምስል በተለመደው መንገድ እንደ ፎቶ ሲላክ ሁለት ነገር ይደርስበታል። አንደኛ፣ ረጅሙ ጎኑ ከ1280 ፒክስል በላይ ከሆነ ወደ 1280 ይቀነሳል። ሁለተኛ፣ ፋይሉ እንዲቀልል ተጨምቆ ጄፔግ ይሆናል። ለሠርግ ፎቶ ይሄ ብዙም አይታወቅም። ለጽሑፍ ግን ይታወቃል።

ያንኑ ሠንጠረዥ እንውሰድ። አንዱ ተማሪ ሙሉውን ስክሪን አንስቶ እንደ ፎቶ ላከልኝ። የነበረው 1920 በ1080 ነው፤ የደረሰኝ 1280 በ720 ነው። ሁሉም ነገር ወደ ሁለት ሦስተኛ ወርዷል ማለት ነው። አሁን እኔ ሠንጠረዡን ስቆርጠው 800 በ400 የነበረው 533 በ267 ሆኖ እጄ ላይ ይቀራል። የተግባር አሞሌው፣ የዴስክቶፕ አይከኑ፣ የሙዚቃ ማጫወቻው ሁሉ ከሠንጠረዡ ጋር 1280ዋን ተሻምተውባታል።

ሌላዋ ተማሪ ሠንጠረዡን ብቻ ቆርጣ ላከችልኝ። 800 ከ1280 ስለሚያንስ ቴሌግራም መጠኑን አይነካውም። መጨመቁ አይቀርላትም፣ ነጥቦቿ ግን ሁሉም ደርሰውኛል።

ሁለቱንም በኤ4 ወረቀት ላይ በ16 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባትማቸው የመጀመሪያው በአንድ ኢንች 85 ፒክስል ገደማ ይደርሰዋል፤ ሁለተኛው 127። ሁለቱም ለሕትመት ሀብታም አይደሉም። ግን 127 ይነበባል፤ በ85 ደቃቅ ፊደል መገመት ይጀመራል። የአማርኛ ፊደል ላይ ደግሞ ይብሳል። ለ፣ ሉ እና ሊን የሚለያያቸው ትንሽ ጭረት ናት። ስክሪን ላይ አንድ ፒክስል የነበረች ጭረት ወደ ሁለት ሦስተኛ ስትወርድ ከአጠገቧ ካለው ነጭ ጋር ተቀላቅላ ግራጫ ትሆናለች። እንግሊዝኛው ሲነበብ አማርኛው የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ስለዚህ የሚወስነው መቁረጡ ከመላክ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ነው። በምን ዘዴ መቆረጡ ለውጥ አያመጣም። ከመላኩ በፊት ይቆረጥ እንጂ፣ መርጦ ማንሳትም ሆነ አንስቶ መቁረጥ ያው ነው።

ስልክ ላይ ክፍል መርጬ የማነሳበት ቁልፍ የለኝም። ምን ላድርግ?

ብዙው አንድሮይድ ስልክ ኃይል ማብሪያውንና ድምፅ መቀነሻውን አንድ ላይ ስትጫኑ ሙሉውን ያነሳል። አንዳንዶቹ ክፍል መምረጫም አላቸው፤ ባይኖራችሁም ምንም አይቀርባችሁም። እንዳነሳችሁ ታች በኩል ብቅ የምትለዋን ትንሽ ምስል ነክታችሁ እዚያው ቁረጡ።

ስልክ ላይ ቀድሞ መቁረጥ ከላፕቶፕ ይልቅ ይጠቅማል። የስልክ ስክሪን ረጅም ነው። 1080 በ2400 የሆነ ስልክ ሙሉ ስክሪንሾት እንደ ፎቶ ሲላክ 2400ው ወደ 1280 ይወርዳል፤ ስፋቱም አብሮ ወደ 576 ይወርዳል። በግማሽ ሊጠጋ ነው። የደረሰኙን ክፍል ብቻ ቆርጣችሁ 1080 በ1000 ካደረጋችሁት ግን አንድም ፒክስል አይቀነስም። የአንዲት ሰከንድ ሥራ ናት፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ልዩነት ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው።

እናቶች የልጃቸውን ውጤት ሲልኩልኝ "እትዬ፣ ከላይ ያለውን ሰዓትና ከታች ያለውን ባዶ ቦታ ቆርጠው ይላኩልኝ" እላቸዋለሁ። ካስቸገራቸው ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል መላክ። ቴሌግራም ላይ የማያያዣዋን ምልክት ነክታችሁ `File` የሚለውን መርጣችሁ ምስሉን ከዚያ ብትልኩ መጠኑም ጥራቱም እንዳለ ይደርሳል። እንደዚያ ከላካችሁ ሙሉውን ልካችሁ እኔ ብቆርጠውም ችግር የለውም። አዳዲሶቹ የቴሌግራም ስሪቶች ፎቶን በኤችዲ የመላክ ምርጫም አላቸው፤ ከተራው ይሻላል፣ ፋይልን ግን አይተካም።

ኮምፒውተር ላይ ክፍል መርጦ የሚያነሳው ቁልፍ የትኛው ነው?

ዊንዶውስ ላይ `Windows + Shift + S`። ስክሪኑ ደብዘዝ ይላል፤ በማውዝ አራት ማዕዘን ትስላላችሁ፤ ማውዙን ስትለቁ ተነሳ። ዊንዶውስ 11 ላይ ምስሉ `Pictures` ውስጥ `Screenshots` በሚለው ፎልደር በራሱ ሴቭ ይሆናል። ዊንዶውስ 10 ላይ ግን በተለምዶ ኮፒ ብቻ ስለሚሆን የሆነ ቦታ ፔስት ካላደረጋችሁት ወይም ከፍታችሁ ሴቭ ካላላችሁት ይጠፋል። "አንስቼው ነበር፣ የት ገባ?" የሚሉት እነዚህኞቹ ናቸው።

ሙሉውን ለማንሳትና ወዲያው ሴቭ ለማድረግ `Windows + PrtSc`። የተከፈተውን መስኮት ብቻ ለማንሳት `Alt + PrtSc`። ይህቺን ሰው ይረሳታል እንጂ ጥሩ ናት፤ ጠርዙን በእጅ መሳል ሳያስፈልግ መስኮቱን ብቻ ኮፒ ታደርጋለች።

ማክ ያላችሁ ጥቂቶች `Command + Shift + 4` ተጠቀሙ።

ፒኤንጂ እና ጄፔግ ለውጥ አላቸው?

አላቸው፤ በተለይ ለምትቆርጡት ምስል።

ፒኤንጂ እያንዳንዱን ነጥብ እንዳለ ያስቀምጣል። ከፍታችሁ ብትቆርጡ፣ ሴቭ ብታደርጉ፣ ደግማችሁ ብትቆርጡ የቀረው ክፍል አይለወጥም። ከላይ "እኩል ናቸው" ያልኩት በዚህ ነው።

ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ትንንሽ ሳጥኖች ይከፋፍልና በየሳጥኑ ውስጥ ዓይን አይለየውም ያለውን ይጥላል። ሰማይና ፊት ላይ ይሄ ብልህ ዘዴ ነው። ነጭ ላይ ጥቁር ፊደል ሲሆን ግን ሹል ጠርዝ ስለሚበዛ ፊደሉ ዙሪያ ጭስ የመሰለ ነገር ይተዋል። ቀለምን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከብሩህነት ባነሰ ጥራት ነው የሚይዘው። ቀይ ጽሑፍ ከጥቁሩ ቀድሞ የሚበላሸው ለዚህ ነው። አማካሪያችሁ በቀይ የጻፈውን አስተያየት ስክሪንሾት አድርጋችሁ ብትልኩ የምታዩት እሱን ነው።

አሁን መቁረጡ ሲጨመርበት እንይ። ሙሉው ስክሪን በጄፔግ ሴቭ ከተደረገ አንድ ጊዜ ተጎድቷል። ስትቆርጡትና እንደገና በጄፔግ ሴቭ ስታደርጉት ሳጥኖቹ ከአዲሱ ጠርዝ ይጀምራሉ። የድሮዎቹና የአዲሶቹ ሳጥኖች አይገጥሙም። ስለዚህ ሁለተኛው ጉዳት በመጀመሪያው ላይ ሌላ ቦታ ይጨመራል። ከዚያ ቴሌግራም ሦስተኛውን ያክልበታል። አንዱ ብቻውን ላይታይ ይችላል፤ ሲደራረብ ይታያል።

መርጦ ማንሳት የሚያሸንፈው እዚህ ነው። ራሱ ዘዴው ስለሚሻል ሳይሆን አንድ ሴቭ ስለሚቀንስ ነው። ከዊንዶውስ የሚነሳው በራሱ ፒኤንጂ ነው። አንዳንድ ሳምሰንግ ስልኮች ግን ስክሪንሾትን በጄፔግ ያስቀምጣሉ፤ `Settings` ውስጥ `Screenshot format` የሚል ካላችሁ ወደ `PNG` ቀይሩት። ፔይንት ላይ ስትቆርጡም ሴቭ ስታደርጉ ዓይነቱን እዩት፤ `JPEG` ካላችሁት ምን ያህል ይጨመቅ ብሎ አይጠይቃችሁም።

እንዴት ይታወቃል ካላችሁ፣ ምስሉን በጣም አጉሉትና ፊደሉ ዙሪያ ያለውን ነጭ ተመልከቱ። ነጩ ንጹሕ ከሆነና ፊደሉ ደረጃ ደረጃ ከሆነ ፒኤንጂ እንዳለ ነው። ነጩ ላይ ግራጫ ብናኝ ካለ አንድ ቦታ ላይ በጄፔግ አልፏል። በኋላ ስሙን ወደ ፒኤንጂ መቀየርም ሆነ በፒኤንጂ ሴቭ ማድረግ ብናኙን አያጠፋውም።

አንድ ነገር ግን አትሳቱ። ዊንዶውስ ላይ ፊደል ጠርዝ ላይ ቀይና ሰማያዊ ጥላ ልታዩ ትችላላችሁ። እሱ ብልሽት አይደለም፤ ዊንዶውስ ፊደልን ስክሪን ላይ ለማለስለስ ሆን ብሎ የሚያደርገው ነው።

ወርድ ውስጥ አስገብቼ እዚያው ብቆርጠውስ?

የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ትልቁ ችግር ይሄ ነው፤ ለቀቅ አድርጌ ላስረዳ።

ተማሪው ሙሉውን ስክሪን አንስቶ ወርድ ላይ ፔስት ያደርጋል። ወርድ ምስሉን ከገጹ ስፋት ጋር ያስተካክለዋል፤ 16 ሴንቲ ሜትር እንበል። ከዚያ ሴቭ ይላል። ወርዱ ምስልን በአንድ ኢንች 220 ፒክስል እንዲያስቀምጥ ከተደረገ፣ 1920ው ወደ 1386 ገደማ ይወርዳል። ለዚህ ስፋት ይሄ በቂ ነው ብሎ ስላሰበ ነው።

በሌላ ቀን ተማሪው ሠንጠረዡ ትንሽ መሆኑን ያያል። በወርዱ `Crop` ዙሪያውን ይቆርጥና የቀረውን እስከ ገጹ ስፋት ይለጥጠዋል። ከ1386 ውስጥ የሠንጠረዡ ድርሻ 577 ፒክስል ነው። 16 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲለጠጥ በአንድ ኢንች 92 ይሆናል። ቀድሞ ሠንጠረዡን ብቻ አንስቶ ቢያስገባው 127 ነበር። ስክሪኑ ያው፣ ኮምፒውተሩ ያው፣ ሠንጠረዡ ያው። የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው።

ሁለት መፍትሔ አለ። አንዱ ከማስገባታችሁ በፊት መቁረጥ ነው። ሌላው ወርድ እንዳይቀንስ መንገር ነው፤ `File`፣ ከዚያ `Options`፣ ከዚያ `Advanced` ግቡና `Image Size and Quality` ከሚለው ሥር `Do not compress images in file` የሚለውን ምልክት አድርጉበት። ይህን የምታደርጉት ምስሉን ከማስገባታችሁ በፊት ነው። አንዴ ሴቭ ተደርጎ የወረደውን አይመልስላችሁም፤ ምስሉን አጥፍቶ ከዋናው ፋይል እንደገና ማስገባት ነው።

ቀድሜ ቆርጬም፣ በፋይል ልኬም ሲታተም ደበዘዘ። አሁንስ?

ያኔ ችግሩ መቁረጡም መላኩም አይደለም፤ ነጥቡ ከመነሻው አነሰ። 800 ፒክስል 16 ሴንቲ ሜትር ላይ ከ127 አያልፍም። በጥሩ ጥራት እንዲታተም በአንድ ኢንች 200 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ደስ ይለኛል።

መድኃኒቱ ከማንሳት በፊት ማጉላት ነው። ሠንጠረዡ ያለው ፒዲኤፍ ላይ ከሆነ ወይም ድረ ገጽ ላይ ከሆነ `Ctrl` ይዛችሁ `+` እየነካችሁ 200 በመቶ አድርሱት። ያው ሠንጠረዥ አሁን ስክሪኑ ላይ 1600 በ800 ይይዛል። ኮምፒውተሩ ፊደሉን በትልቁ እንደ አዲስ ስለሚስለው አይደበዝዝም። ይሄን መርጣችሁ ብታነሱት 16 ሴንቲ ሜትር ላይ በአንድ ኢንች 254 ይሆናል። ከወረቀቱ ላይ ሲታይ ጽሑፉ የተተየበ ነው የሚመስለው።

ካነሱ በኋላ ማጉላት ግን ይሄን አይሰጥም። 800ውን ምስል ወደ 1600 ብትለጥጡት ኮምፒውተሩ የጎደሉትን ነጥቦች ከጎረቤቶቻቸው እየገመተ ነው የሚሞላው።

1600ውን እንደ ፎቶ ብትልኩት ቴሌግራም ወደ 1280 ያወርደዋል። እንደዚያም ሆኖ 203 ይሆናል፤ ካለማጉላት በጣም ይሻላል። ግን እዚህ ከደረሳችሁ በፋይል ላኩትና ጨርሱት።

ይህ ዘዴ ወሰን አለው። ስክሪኑ 1366 በ768 የሆነ የቆየ ላፕቶፕ ላይ 1600 አይገባም። እዚያ ላይ 150 በመቶ አድርጋችሁ `F11` በመንካት ድረ ገጹን ሙሉ ስክሪን አድርጉት፤ 1200 በ600 ይገባል፣ 190 ይሰጣል። ሠንጠረዡ ከዚያም ካለፈ በሁለት ቆርጣችሁ አንሱና አንዱን ከሌላው ሥር አስቀምጡ፤ የሁለቱም የማጉያ መጠን አንድ ይሁን እንጂ።

ሁለተኛው ወሰን፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ራሱ ፎቶ ወይም ስካን ከሆነ ማጉላት ከራሱ ነጥብ በላይ አይጨምርም። እንደዚያ ሲሆን ስክሪንሾቱን ትታችሁ ምስሉን ራሱን በቀኝ ማውዝ ነክታችሁ ሴቭ አድርጉት። ካርታ ደግሞ ሌላ ነው። አስጎብኚዎች ከፋሲል ግቢ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ የሚወስደውን መንገድ ከካርታ ላይ አንስተው ለእንግዳ ያሳትማሉ። ካርታውን በራሱ ማጉያ ስታጎሉት ቦታዎቹ እየተራራቁ ይሄዳሉ፣ አዳዲስ ስሞችም ይመጣሉ፤ የሁለቱ ቦታዎች አንድ ስክሪን ላይ መግባት ግን ያበቃል። እዚያ የምታጎሉት ሁለቱም ጫፍ እስከሚታይ ድረስ ብቻ ነው።

ከኤክሴል ግራፍ የምታወጡ ከሆነ ደግሞ ስክሪንሾት ለምን? ግራፉን ኮፒ አድርጋችሁ ወርድ ላይ ፔስት በሉት። በመስመር የተሳለ ሆኖ ስለሚገባ የፈለጋችሁትን ያህል ብትለጥጡት አይደበዝዝም።

ሙሉውን አንስቶ መቁረጥ የሚሻልበት ጊዜ የለም?

አለ፤ እኔ ራሴ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ማውዝ ላይ እጅ ይንቀጠቀጣል። በችኮላ መርጣችሁ ስታነሱ የመጨረሻው ዓምድ ጠርዝ ወይም የላይኛው መስመር ይቆረጣል፤ ገጹን ከዘጋችሁት በኋላ ነው የምታውቁት። ሙሉው ካላችሁ አጉልታችሁ ጠርዙን በፒክስል አስተካክላችሁ ትቆርጣላችሁ፤ ካልጣማችሁ እንደገና። የድረ ገጹን አድራሻ ወይም ሰዓቱን በኋላ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣም አላችሁ። ለክፍያ ማስረጃ ሙሉውን አስቀምጡ፣ ለማተም የተቆረጠውን ላኩ።

ምርጫ ሲከፈት የሚዘጋ ሜኑ ለማንሳትም ሙሉው ይቀላል። ወይም በ`Snipping Tool` ውስጥ ባለው የማዘግያ ሰዓት ጥቂት ሰከንድ ሰጥታችሁ ሜኑውን ከፍቶ መጠበቅ ነው።

የቆረጥኩት ክፍል በእርግጥ ጠፍቷል? መታወቂያዬ ቁጥር ነበረበት።

ክፍሉን መርጣችሁ ካነሳችሁት ሌላው ነገር መጀመሪያውኑ አልተነሳም። ስለዚህ ከዚያ ምስል የሚወጣ ምስጢር የለም። አንስቶ በቆረጠ ሰው ላይ ግን እንደ ፕሮግራሙ ይለያያል።

ወርድ ውስጥ `Crop` ስታደርጉ የተቆረጠው ክፍል ተደብቆ እንጂ ጠፍቶ አይደለም። ፋይሉ የደረሰው ሰው ምስሉን ነክቶ መልሶ ሊከፍተው ይችላል። ደንበኛ የላከልኝ ወርድ ላይ ሠንጠረዡን ላስተካክል ስነካው የባንክ ሒሳቡ ገጽ ከጎን ብቅ ያለበት ጊዜ አለ። ለማጥፋት ምስሉን መርጣችሁ `Picture Format` ውስጥ `Compress Pictures` ግቡና `Delete cropped areas of pictures` ላይ ምልክት አድርጉ። ያ ሳጥን ግን ጥራቱንም ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል ከሥር ካሉት ምርጫዎች ከፍተኛውን ወይም `Use default resolution` የሚለውን እዩ።

በ2023 ደግሞ አንድ የታወቀ ጉድ ወጥቶ ነበር። የጉግል ፒክስል ስልኮች የስክሪንሾት ማረሚያና የዊንዶውስ የስክሪንሾት መቁረጫ፣ የተቆረጠውን ምስል በዋናው ፋይል ላይ ደርበው ሲጽፉ የድሮውን ፋይል ጅራት ሳይቆርጡ ይተዉት ነበር። አዲሱ ምስል ትንሽ ነው፤ ከእሱ ወዲያ የድሮው ቅሪት እዚያው ፋይል ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ቅሪት የተቆረጠውን ክፍል በከፊል መልሶ ማውጣት ይቻል ነበር። ሁለቱም በዚያው በመጋቢት ወር 2023 በማሻሻያ ተዘግተዋል። ማሻሻያው ግን ከዚያ በፊት ቆርጣችሁ የላካችኋቸውን ፋይሎች አያጸዳም። እንደ ፎቶ በቴሌግራም ከሄዱ እንደ አዲስ ስለተጨመቁ ቅሪቱ አብሮ አይሄድም፤ ስጋቱ እንደ ፋይል የተላኩት ላይ ነው። ጥራትን የሚጠብቀው መንገድ ቅሪቱንም አብሮ ይጠብቃል ማለት ነው።

ስለዚህ የፋይዳ ቁጥር ወይም የባንክ ሒሳብ ያለበት ስክሪን ላይ ሙሉውን ከማንሳት ክፍሉን ብቻ መርጣችሁ አንሱ። እዚህ ላይ ጥራቱ እኩል ከሆነ፣ ደኅንነቱ ይወስን።

የደረሰኝ ምስል ስንት ፒክስል እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን በቀኝ ማውዝ ነክታችሁ `Properties`፣ ከዚያ `Details`፤ `Dimensions` የሚለው ላይ ተጽፏል። ስልክ ላይ ጋለሪው ውስጥ የምስሉን ዝርዝር መረጃ ክፈቱ። ረጅሙ ጎን ልክ 1280 ከሆነ በቴሌግራም ፎቶ አልፎ የወረደ ነው ብላችሁ ብትጠረጥሩ ብዙ ጊዜ አትሳሳቱም።

ስፋቱን በምታትሙበት ኢንች አካፍሉት፤ 16 ሴንቲ ሜትር 6.3 ኢንች ነው። ከ120 በታች ከመጣ ለእኔ ከመክፈላችሁ በፊት ላኪውን "ዋናውን በፋይል ላክልኝ" በሉት። ስልኩ ላይ እስካላጠፋው ድረስ ዋናው እዚያው አለ።